ቢላዋው ይቀመጥ፣ ማንኪያ ይምጣ፦ ቫኪዩም የያዘውን ክዳን ሳያጎብጡ ማላቀቅ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የማንጎ ማርማላታ እየሠራሁ ጣና ዳር ላሉ ሁለት ሎጆች አስረክባለሁ። በትኩሱ ብልቃጥ ውስጥ ሞልቼ በቆርቆሮ ክዳን አሽገዋለሁ። የወጥ ቤት ሠራተኞቹ አልከፈት ሲላቸው በቢላዋ ጫፍ ይፈለቅቁታል፤ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአንዱ ብልቃጥ አፍ ተሸረፈ። ብልቃጡንም ክዳኑንም መልሼ ስለምጠቀምባቸው ኪሳራው የእኔ ነው። አንዱ የባሕር ዳር ከፍታ ነው የሚያጠብቀው ይለኛል፤ ሌላው የፈላ ውሃ አፍስሺበት ይለኛል። ሳይጎብጥና ሳይሰበር የሚከፈተው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ከከፍታው ልጀምር፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። በትኩሱ የተሞላ ብልቃጥ ሲከደን በማርማላታውና በክዳኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት በአብዛኛው በእንፋሎት የተሞላ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይመለሳል፣ የቀረው ጥቂት አየርም ይኮማተራል፤ ስለዚህ በውስጥ ያለው ግፊት በውጭ ካለው በእጅጉ ያንሳል፤ ቫኪዩም የሚባለው ይህ ነው። ክዳኑን ተጭኖ የሚይዘው እንግዲህ የውጭው አየር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በወደብ ከተሞች ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በባሕር ጠረፍ ታሽጎ ባሕር ዳር የደረሰ ብልቃጥ ክዳኑ ይላላል እንጂ አይጠብቅም። የእርስዎ ማርማላታ ግን እዚያው ባሕር ዳር ስለሚታሸግና ስለሚከፈት ከፍታው በዚህ ጉዳይ ላይ ተከሳሽ ሊሆን አይችልም። የሚጠብቅበት መንገድ አንድ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ መተማ፣ ሲወርድ።

ኃይሉ ስንት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ቢላዋ የሚያስነሣው ይህንን ባለማወቅ ነውና። በገበያ ላይ የተለመደው የማርማላታ ክዳን ስፋት ከዳር እስከ ዳር 63 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ ወደ 31 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የባሕር ዳር አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ጫና ወደ 0.83 ኪሎ ስለሆነ፣ ውስጡ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳን ክዳኑን የሚጫነው ከ26 ኪሎ አይበልጥም። በተግባር ደግሞ ፍጹም ባዶ አይሆንም። በ85 ዲግሪ ሞልተው ወዲያውኑ የከደኑት ማርማላታ ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጫናው ከ18 እስከ 19 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በሚፈላበት አፍታ ሞልተው ከከደኑት ወደ 23 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ትንሽ ልጅ ክዳኑ ላይ ቆሞ ሳለ ከሥር ለማዞር እንደመሞከር ያለ ሥራ ነው። ቀላሉ መፍትሔ ኃይል መጨመር ሳይሆን ልጁን ማውረድ ነው። ይህም ማለት ከማዞር በፊት በአንዲት ነጥብ በኩል አየር ማስገባት ነው። አየሩ ከገባ ክዳኑን አንድ ኪሎ እንኳን የሚይዘው ነገር አይኖርም፤ የስኳር ሙጫ ካልያዘው በቀር። ስለ ሙጫው ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

አየር የሚገባበትን ቦታ ለማግኘት ክዳኑን ገልብጠው ይመልከቱ። ይህ ዓይነቱ ክዳን እንደ ጠርሙስ ክዳን ዙሪያውን የተጠማዘዘ ጥምዝ የለውም፤ በታችኛው ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፉ ሦስት፣ አራት ወይም ስድስት ጥርሶች አሉት። ብልቃጡን ጨብጦ የሚይዘው በእነሱ ነው። በሁለት ጥርሶች መካከል ግን የክዳኑ ጠርዝ ከብልቃጡ ትንሽ ይርቃል፤ በዚያ ቦታ ቆርቆሮው በቀላሉ ይለጠጣል፣ ሲለቁትም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከላይ፣ ከክዳኑ ውስጠኛ ዳር ጋር የተጣበቀ ለስላሳ የጎሚኒ ቀለበት አለ፤ የብልቃጡ ከንፈር የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው፣ ቫኪዩሙን የሚያግደውም እሱ ብቻ ነው። የእኛ ሥራ ጎሚኒውን በአንድ ቦታ ከከንፈሩ ላይ በጸጉር ውፍረት ያህል ማንሣት ነው።

ቢላዋ ለዚህ የማይሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ኃይሉን ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ ቆርቆሮው ከመለጠጥ ይልቅ ተቀልብሶ ይቀራል። የባሰው ደግሞ ስለቱ ወደ ላይ ሲገፋ የሚደገፈው በብልቃጡ ከንፈር ላይ መሆኑ ነው። የብርጭቆ ደካማ ቦታ ጠርዙ ነው፤ እዚያ ላይ የተደገፈ ብረት መሸረፉን በራሱ ይጋብዛል። ሠራተኛው በግዴለሽነት ነው የሸረፈው ብዬ አላስብም፤ መሣሪያው ነው የመራው።

የሻይ ማንኪያ ይውሰዱ፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራና የማይታጠፍ ይሁን። ብልቃጡን እርጥብ ጨርቅ ላይ አቁመው በግራ እጅ ትከሻውን ይያዙ። ማንኪያውን አቁመው፣ እጀታው ወደ ታች፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ የማንኪያው ጀርባ ወደ ብልቃጡ ዞሮ ጫፉን በሁለት ጥርሶች መካከል ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ያስገቡ። አሁን የሚፈለገው ድጋፍ ከንፈሩ አይደለም። ከክዳኑ በታች ብልቃጡን የሚዞር ወፈር ያለ ቀለበት አለ፤ የማንኪያው ጀርባ የሚደገፈው በእሱ ላይ ነው። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብለው ወደ ብልቃጡ ሆድ ይግፉት። እጀታው ወደ ውስጥ ሲሄድ ጫፉ የክዳኑን ጠርዝ ወደ ውጭ ይስበዋል። ወደ ላይ የሚፈነቅል እንቅስቃሴ አያድርጉ።

በዚያ ቦታ እምቢ ካለ ግፊት አይጨምሩ። ብልቃጡን አዙረው በሚቀጥሉት ሁለት ጥርሶች መካከል ይሞክሩ፤ ከዚያም በሚቀጥሉት። ብዙውን ጊዜ አንዱ ቦታ ከሌላው ይልቅ የላላ ነው፤ ዙሩ ሳያልቅ ይለቃል። መልቀቁን በሁለት ነገር ያውቃሉ። አንደኛው አየር ሲገባ የሚሰማው አጭር ድምፅ ነው፤ አንዳንዴ ጧ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ለአፍታ ሽ ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው በክዳኑ መሃል ያለው ክብ ጉብታ ነው፤ ቫኪዩም ሳለ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይታያል፣ ሲለቅ ብቅ ይላል፣ በጣትም ሲጫኑት ይርገበገባል። ድምፁን እንደሰሙ ማንኪያውን አውጥተው ክዳኑን በእጅ ያዙሩት። በዚህ መንገድ የተከፈተ ክዳን ላይ የሚቀረው ምልክት በዓይን የማይታይ ነው፤ ሎጆቹ ይህን ብቻ ቢለምዱ የኪሳራዎ ትልቁ ክፍል ያልቃል።

የፈላ ውሃው ምክር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አደጋ ነው። ሰው የሚለው ቆርቆሮው ሲሞቅ ይሰፋል ነው። ይሰፋል፤ ግን 63 ሚሊ ሜትር ክዳን በ35 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሰፋው ከሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከጸጉር ያነሰ ነው። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ነው። ሙቀት ጎሚኒውን ያለሰልሳል፣ የደረቀውን ስኳር ያሟሟል፣ በክፍተቱ ውስጥም እንደገና እንፋሎት ይፈጥራል። ክፍተቱ ከ25 ወደ 50 ዲግሪ ቢሞቅ ከ18 ወይም 19 ኪሎው ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ለደካማ እጅ ልዩነት ያመጣል።

አደጋው ከብርጭቆው ነው። ተራ ብልቃጥ በአንዴ ሊችል የሚገባው የሙቀት ልዩነት ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ አንዱ ፊት ሲሰፋ ሌላው ባለበት ይቆይና ይሰነጠቃል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ የወጣ ብልቃጥ ላይ ቢፈስ ልዩነቱ 90 ዲግሪ ይሆናል፤ መሰንጠቁ ሊያስገርም አይገባም። ቴርሞ ሜትር ከሌለዎት የሚከተለው ቀመር ይበቃል፦ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃና አንድ ኩባያ የቧንቧ ውሃ ይቀላቅሉ፤ ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋል። በክፍል ሙቀት ላለ ብልቃጥ ይህ ከልክ በታች ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣውን ግን በመጀመሪያ ቅዝቃዜው ሙሉ በሙሉ እስኪለቀው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ቀድሞ የተጫረ ወይም ፀጉር የሚመስል ስንጥቅ ያለበት ብልቃጥ ይህን ልክ እንኳን ላይችል ይችላል፤ ሙቅ ውሃ አያሳዩት።

ውሃውን የሚጠቀሙበት መንገድም ሁለት ነው፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ጉብታው ወደ ውስጥ የሰረገ ከሆነ የያዘው ቫኪዩም ነው፤ ብልቃጡን አቁመው ጨርቅ በሙቁ ውሃ ነክረው ክዳኑ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠቅልሉበት፤ ሲቀዘቅዝ አንድ ጊዜ ይድገሙት። እንዲህ ሲሆን ሙቀቱ በቀጥታ የሚደርሰው በክዳኑ ሥር ላለው ክፍተት ነው። ጉብታው ብቅ ካለ በኋላም አልዞር ካለ ግን ቫኪዩም የለም፤ በጥርሶቹ ሥር የደረቀ ስኳር ነው የያዘው። ያኔ ብልቃጡን ገልብጠው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሙቅ ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ለአምስት ደቂቃ ያቁሙት፤ ውሃው ወደ ጥርሶቹ ገብቶ ስኳሩን ያሟሟዋል። ከዚህ ውሃ ጥቂት ወደ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ንጹሕ ይሁን፤ እንዲህ የተከፈተው ማርማላታም መደርደሪያ ላይ አይመለስ፣ ማቀዝቀዣ ገብቶ በቶሎ ይበላ። አንዱን ችግር በሌላው መድኃኒት ለማከም መሞከር ነው ሰውን ወደ ቢላዋ የሚመልሰው።

እጅ የሚንሸራተት ከሆነ ባሕር ዳር ላይ መፍትሔው ርካሽ ነው። ከብስክሌት ጠጋኝ ያረጀ ካላማዳሪያ ይለምኑ፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጠው በደንብ አጥበው ክዳኑ ላይ ያጥልቁት። ክዳኑም ጎማውም እጅዎም ደረቅ ይሁኑ። ይህ ጎማ ከወፍራም ፎጣ ይሻላል፤ ፎጣ ራሱ ይንሸራተታል። ፒንሳ ግን አይቅረብ፤ ክዳኑን ከሁለት ወገን ጨምቆ ክብነቱን ያጠፋል።

ሌሎች ልማዶችም አሉ። የብልቃጡን ቂጥ በመዳፍ መምታት ለቀጭን ፈሳሽ አንዳንዴ ይሠራል፤ ፈሳሹ ተወርውሮ ክዳኑን ከውስጥ ስለሚመታው። ማርማላታ ግን ወፍራም ነው፤ አይወረወርም፣ ቂጡ ላይ የሚያርፈው ምት ብቻ ይቀራል። የክዳኑን ጠርዝ ጠረጴዛ ላይ ማንኳኳት ያላቅቃል፣ ግን እርስዎ የማይፈልጉትን ጉብጠት እዚያው ይሠራል። ክዳኑን በምስማር መብሳት ደግሞ ፈጣን ነው፤ ክዳኑን መልሶ ለማይፈልግ ሰው እንጂ ለእርስዎ አይሆንም።

ስለ ቆርኪ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላሉ ባጭሩ፦ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በተቃራኒው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊት ነው ያለው፤ ከላይ የጻፍኩት አይመለከተውም። በትኩሱ ተሞልቶ በቆርኪ የተዘጋ ጭማቂ ከሆነ ግን ቫኪዩም ይኖረዋል። ቆርኪውን ሳያጎብጡ ማውጣት ከፈለጉ በላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው፣ መክፈቻውን በአንድ ወገን ብቻ ከመጫን ይልቅ ዙሪያውን በሦስት በአራት ቦታ ጥቂት ጥቂት ያንሡት።

የተሸረፈውን ብልቃጥ በሚመለከት መደራደር የለም። ስባሪው ቢገኝም ባይገኝም ማርማላታው በሙሉ ይጣላል። በወንፊት ማጥለል አያድንም፤ የብርጭቆ ስባሪ በማርማላታ ውስጥ አይታይም። ሎጁ በቢላዋ የከፈታቸውን ሌሎች ብልቃጦችም ባዶ ሲመለሱ ይፈትሹ፦ ከንፈሩ ደርቆ ሳለ ጥጥ ዙሪያውን ያሻሹበት፤ ቃጫው ተይዞ የሚቀርበት ቦታ ካለ እዚያ ሽርፈት አለ። በጣት አይፈትሹ። የተሸረፈ ብልቃጥ አይታሸግም፣ ዳግመኛም ለምግብ አይውል።

ቫኪዩም የሌለው ሆኖ የመጣ ብልቃጥም ሌላ ማስጠንቀቂያ ነው። ሳይከፈት ጉብታው ብቅ ያለ፣ ሲከፈት ድምፅ ያላሰማ፣ ወይም ከውስጥ አረፋ የወረወረ ማርማላታ ማኅተሙ ቀድሞ ተበላሽቷል ወይም መቦካት ጀምሯል ማለት ነው። በቀላሉ ተከፈተልኝ ብሎ መደሰት አይገባም፤ ሳይቀምሱ ይጣል።

አሁን ወደ እርስዎ ወጥ ቤት። የጥብቀቱ ከፊል ምክንያት ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። ቫኪዩሙን ለማላላት ብለው ማርማላታውን አቀዝቅዘው አይሙሉ፤ ከ85 ዲግሪ በታች መውረድ ሻጋታን መጋበዝ ነው። የሚስተካከሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ሲሞሉ ከከንፈሩ በታች ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ከመክደንዎ በፊት ከንፈሩንና የውጩን ጥምዝ በፈላ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሙጫ የሚሆነው እዚያ የቀረው የማርማላታ ጠብታ ነውና። ክዳኑን በጣት ጫፎች እስኪቆም ድረስ ብቻ ያዙሩት፤ በሙሉ ክንድ ማጥበቅ ማኅተሙን አያጠነክርም፣ ጥርሶቹን ከቦታቸው ያስወጣል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስህተት ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ለማረጋገጥ ብሎ እንደገና ማጥበቅ ነው። ያኔ ጎሚኒው ከከንፈሩ ጋር ተያይዟል፤ ማዞሩ ወይ ያላቅቀዋል ወይ ይቆርጠዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረገው ጉብታውን ማየት ብቻ ነው።

ክዳኑን መልሶ ስለመጠቀም የማልስማማበት ነገር አለ። ብልቃጡ ካልተሸረፈ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ክዳኑ ግን፣ በማንኪያ ሳይጎብጥ ቢከፈትም፣ ጎሚኒው ላይ የከንፈሩ ቦይ ታትሞ ቀርቷል፤ ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ብልቃጥ ላይ በዚያው ቦይ ላይ በትክክል አያርፍም። መደርደሪያ ላይ ለወራት ለሚቆይ፣ ለሚሸጥ ማርማላታ ሁልጊዜ አዲስ ክዳን ይግዙ፤ ወጪውን በዋጋው ላይ ይጨምሩት። ሳይጎብጥ የተመለሰው ክዳን ለበርበሬ፣ ለቡና ወይም በቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ይበቃል። ለዚያም ቢሆን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ይፈትኑት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ጎብጧል።

ለሎጆቹ ደግሞ ከሚቀጥለው ርክክብ ጋር አንድ የሻይ ማንኪያና አንድ የካላማዳሪያ ቀለበት ይስጧቸው፤ በወጥ ቤቱ ኃላፊ ፊት አንድ ብልቃጥ ከፍተው ያሳዩ። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይም በትንሽ ወረቀት ይህን ይለጥፉ፦ «በቢላዋ አይክፈቱ። የማንኪያ ጫፍ በሁለት ጥርሶች መካከል አስገብተው እጀታውን ወደ ብልቃጡ ይግፉ፤ ድምፅ ሲሰሙ ያዙሩ። ጉብታው ቀድሞ ብቅ ብሎ ካገኙት አይጠቀሙበት፣ ይመልሱልን።»